10 ደቂቃ ሳይነሣ፣ 20 ደቂቃ ሳይቋረጥ

ክረምት ሊገባ ሲል በአዲስ አበባ ዳርቻ ባለ አንድ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ድርጅት ውስጥ ለ16 ሠራተኞች የሁለት ቀን የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠና ሰጠሁ። 12ቱ ከመቁረጫና ከብየዳ ክፍል፣ 4ቱ ደግሞ የሠራተኞቹን ምግብ ከሚያዘጋጀው ወጥ ቤት የመጡ ነበሩ። ድርጅቱ የጠየቀኝ ከእባብ ንድፊያ እስከ አጥንት ስብራት ያለውን ሁሉ በሁለቱ ቀናት እንድሸፍን ነበር፤ እኔ ግን ደም መፍሰስንና ቃጠሎን ብቻ እንዳስተምር ለመንሁ። በዚያ ግቢ ሰው የሚጎዳው በግራይንደር ዲስክ፣ በመጋዝ፣ በብየዳ ፍንጣሪና በፈላ ውኃ ነው። ርእሱ በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ሠልጣኝ እጅ እያንዳንዱን ሥራ የሚነካው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተነካ ሥራ ደግሞ ደም በታየ ሰዓት ከአእምሮ ይጠፋል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ወረቀት ነው፤ እኛ አሠልጣኞች «ቼክሊስት» የምንለው የክህሎት መመዘኛ ቅጽ። ለረጅም ጊዜ የተጠቀምሁበት ቅጽ 11 መስመሮች ነበሩት፤ ከእነሱም አንዱ «ደም መፍሰስን በአግባቡ ይቆጣጠራል» ይላል። ከዚህኛው በፊት በሰጠሁት ሥልጠና ላይ አንድ ቀልጣፋ ወጣት በዚያ ቅጽ ተመዘነ። ጓንት አጠለቀ፣ ተጎጂውን አረጋጋ፣ አምቡላንስ አስጠራ፣ ደም ለማቆም በዘንግ እየተጠመዘዘ የሚጠብቀውን ማሰሪያ፣ ቱርኒኬቱን፣ ከቁስሉ በላይ አሰረ፣ ያሰረበትን ሰዓትም ጻፈ። ደምሬ 9 ከ11 ሰጠሁትና ልፈርምለት ስል ዓይኔ ወደ መለማመጃው ክንድ ሄደ። በደም ፈንታ የምናፈስሰው ቀይ ውኃ ከክንዱ ቱቦ ጫፍ አሁንም ይንጠባጠብ ነበር። ጣቴን በማሰሪያው ሥር ብሰድ ያለ ችግር ገባልኝ፤ ማጥበቂያውን ዘንግ አንድ ዙር ብቻ አዙሮ ትቶት ኖሯል።

እንዲህ የላላ ቱርኒኬት ጨርሶ ካለማሰር ሊብስ ይችላል። ከቆዳው አጠገብ ያሉትን የደም መልስ ሥሮች ይዘጋል፣ በጥልቀት ያለውን የደም ቅዳ ቧንቧ ግን ክፍት ይተወዋል፤ ስለዚህ ደሙ ወደ ክንዱ መግባቱን ሳያቆም መመለሻ ያጣና በቁስሉ በኩል ይወጣል። ያ ወጣት የጎደሉት ነጥቦች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ተጎጂው በእውነት የቆሰለ ቢሆን ግን የሚሞተው በእነዚያ በሁለቱ ምክንያት ነበር። እኔም ያን አላየሁም፤ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ፣ አእምሮዬም ድምር ላይ ነበርና። ያን ቀን ማታ ቅጹን ቀድጄ እንደገና ጻፍሁት።

አዲሱ ቅጽ ከአሮጌው የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «በአግባቡ» የሚለውን ቃል ከወረቀቱ ሁሉ አወጣሁና እያንዳንዱ መስመር ከጎን የቆመ ሰው በዓይኑ የሚያየውን ድርጊት ብቻ እንዲናገር አደረግሁ። «ልብሱን ገልጦ ወይም ቆርጦ ደሙ የሚወጣበትን ቦታ አገኘ»፤ «ክርኑን ሳያጥፍ በሁለት እጁ ቁስሉን ተጫነ»፤ «10 ደቂቃ እስኪሞላ ጨርቁን አላነሣም»፤ «ሲጨርስ ደሙ ቆሟል»። ሁለተኛ፣ ሠልጣኙ ቢስታቸው ሰው በሚሞትባቸው መስመሮች ላይ ኮከብ አኖርሁ። ከባለ ኮከቦቹ አንዱ ከጎደለ ድምሩ ምንም ያህል ቢሆን ሠልጣኙ የልምምድ ጣቢያውን ይደግማል።

ምልክት የማደርገውም እኔ መሆኔ ቀረ። በየጣቢያው አራት ሰዎች ይቆማሉ፤ አንዱ ይረዳል፣ አንዱ ተጎጂ ይሆናል፣ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ቅጹን ይሞላል፤ ከዚያ ይፈራረቃሉ። ብዙ ጊዜ እንዳስተዋልሁት ሥራው በደንብ የሚገባው ለሚረዳው ሳይሆን ቅጹን ለሚሞላው ነው፤ የሌላውን እጅ አሥር ጊዜ ተከታትሎ የተመለከተ ሰው ተራው ሲደርስ የራሱን እጅ ማየት ይጀምራል።

የደም ጣቢያውን የሠራነው ከግቢው በተገኘ ዕቃ ነው። ለሶፋ ከሚውለው ወፍራም ስፖንጅ ላይ ጡብ የሚያህል ቆረጥንና ከላይ ወደ ታች ሁለት ጣት የሚያስገባ ጥልቅ ስንጥቅ ሰነጠቅንበት። በስንጥቁ መጨረሻ የግሉኮስ ቱቦ አስገባን፤ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ከሰው ቁመት በላይ ምስማር ላይ ከተሰቀለ ከረጢት ጋር አያያዝነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የከርከዴ ውኃ ነው፤ ቀለሙ ደምን ይመስላል፣ ልብስንም ታጥቦ ይለቃል። ስፖንጁ ጠፍጣፋ ትሪ ላይ ይቀመጣል፤ ትሪው የተቀመጠው ወለሉ እንዳይቆሽሽ ብቻ አይደለም።

ጥልቅ ቁስል ሲገጥም ከላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ መጫን አይበቃም። የጎዙን ወይም የንጹሕ ጨርቁን ጥብጣብ ጫፍ ይዞ በጣት እየገፉ እስከ ስንጥቁ መጨረሻ ድረስ፣ ደሙ ወደሚመነጭበት ቦታ ማድረስ፣ ከዚያ ባዶ ቦታ ሳይተዉ መጠቅጠቅ፣ ጨርቁ ከቆዳው በላይ ብቅ ሲል በላዩ በሁለት እጅ መጫን ያስፈልጋል። ከብየዳ ክፍል የመጣ አንድ ሠልጣኝ በፍጥነት ጠቀጠቀና ተጫነ፤ የላዩ ጨርቅ ነጭ እንደሆነ ቆየ። ቅጹን የያዘው ጓደኛው «ቆሟል» የሚለው መስመር ላይ ምልክት ሊያደርግ እጁን ሲያነሣ ሰዓት የያዘችው ሴት «ትሪውን እዩት እንጂ» አለች። ትሪው ግማሽ ሞልቷል። ሰውየው ስንጥቁን የደፈነው ከአፉ ላይ ብቻ ነበርና ውኃው ከሥር በስፖንጁ ውስጥ እየተስፋፋ በጎን ይወጣ ነበር። በእውነተኛ ሰው ላይ ይህ ደም ከተኛበት ጎን ከጀርባው ሥር፣ ከሱሪው ውስጥ፣ ከጃኬቱ ገበር ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ «እጁን በተጎጂው ሥር ሰድዶ ደም መኖሩን አየ» የሚል መስመር በዚያው ቀን በእስክሪብቶ ጨመርን።

እዚያው ጣቢያ ላይ ቡና ተነሣ። አንዱ አናጺ የተፈጨ ቡና ነስንሶ ስንት ጊዜ ደም እንዳቆመ ነገረን፤ እውነቱን ነው የሚናገረው፣ ነገር ግን ያቆመው ቡናው አልነበረም። ትንሽ የጣት ቁርጥ ቡናው ላይ ጨርቅ ተደርጎ ሲጨበጥ በጭብጡ ይቆማል። በጥልቅ ቁስል ላይ ግን ዱቄቱ ደሙ ወደሚመነጭበት ቦታ አይደርስም፤ በኋላም ሐኪሙ ቁስሉን ከመስፋቱ በፊት እያንዳንዷን ፍሬ አጥቦ ማውጣት አለበት።

ከሁሉ የከበደው 10 ደቂቃው ነው። በመጀመሪያው ዙር አብዛኞቹ ሠልጣኞች ሦስተኛው ደቂቃ ሳይሞላ ጨርቁን ከፍ አድርገው አዩ። ለምን እንዳነሡ ስጠይቅ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ቆሞ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው»። የሚረጋው ደም በትኩስ ወተት ላይ እንደሚይዘው ስልባቦት መሆኑን ነገርኋቸው፤ ስስ ሆኖ ይጀምራል፣ ካልተነካ ይወፍራል፣ በነኩት ቁጥር ግን ይቀደድና ሥራው ከሀ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ እንኳን እጃቸው ይከዳቸው ነበር። ክርኑን አጥፎ በክንዱ ጡንቻ ብቻ የሚጫን ሰው በአራተኛው ደቂቃ ይንቀጠቀጣል፤ ተንበርክኮ ትከሻውን ከእጁ በላይ አድርጎ በሰውነቱ ክብደት የሚጫን ግን ይዘልቃል። የዚህ ወሰንም መታወቅ አለበት። ደሙ የተጫነውን ጨርቅ አልፎ መፍሰሱን ከቀጠለ 10 ደቂቃ መጠበቅ ስህተት ነው። ወይ እጁ ያረፈው ትክክለኛው ቦታ ላይ አይደለም፣ ወይ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል፣ ወይም ጉዳቱ በእጅ ወይም በእግር ላይ ከሆነ ቱርኒኬት የሚታሰርበት ሰዓት ደርሷል።

ከሰዓት በኋላ ከጣቢያ ወጥተን ወደ አደጋ ትዕይንት ገባን። ትዕይንቱን ከመቁረጫ ክፍሉ ጋር ሆነን ስንጽፍ ሆን ብዬ ወጥመድ አኖርሁበት፤ የተሰበረ የግራይንደር ዲስክ የቆራጩን ጭን ከብሽሽቱ ሥር ይመታዋል። ተጎጂ የሆነው ሠልጣኝ ሱሪው ውስጥ የከርከዴ ከረጢት ይዞ ማሽኑ ሥር ተኛ፤ ማሽኑ ከሶኬቱ አልተነቀለም። ዕርዳታ ሰጪው በጠዋቱ ጣቢያ ላይ ከሁሉ የተሻለው ሰው ነበር። ሶኬቱን ነቀለ፣ ሱሪውን በመቀስ ቀደደ፣ ደሙን አገኘ፣ ከዚያ ቀጥታ ቱርኒኬቱን አነሣ። ቱርኒኬት ከቁስሉ በላይ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳያርፍ መታሰር እንዳለበት በደንብ ያውቃል። ነገር ግን በዚያ ቁስልና በብሽሽቱ መካከል ያን ያህል ቦታ የለም። ማሰሪያውን ወደ ላይ ገፋው፣ ተንሸራተተ፤ እንደገና ገፋው፣ እንደገና ተንሸራተተ። ሰዓት ያዡ ጮክ ብሎ «አንድ ደቂቃ ከአርባ» አለ። ትልቁ የጭን ደም ቅዳ ሲቆረጥ ሰው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል።

በመጨረሻ ቱርኒኬቱን ጣለና ከወጥ ቤቷ ሴት ላይ ነጠላዋን ተቀብሎ ጠቀጠቀ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ተጫነ። ትዕይንቱ ሲያበቃ ቅጹን አብረን አየነው፤ ከመስመሮቹ አብዛኞቹ ተሞልተዋል፣ ባለ ኮከቡ «ደሙን ያለ መዘግየት ለማቆም ተጫነ» ግን ጎድሏል። ሰውየው አልተከራከረም። «እጄ የለመደውን ነው ያነሣው» አለ። በብሽሽት፣ በብብትና በአንገት ሥር ቱርኒኬት እንደማይሠራ በጠዋቱ ነግሬያቸው ነበር፤ ማንም ያላስታወሰው ግን ጣቢያው ላይ ሁሉም ቱርኒኬት ያሰረው ክንድ ላይ ብቻ ስለሆነ ነው። ጥፋቱ የጣቢያው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስፖንጁን አንድ ጊዜ ክንድ ላይ፣ አንድ ጊዜ ብሽሽት ላይ እያሰርሁ ነው የማለማምደው።

በዚያው ትዕይንት ሌላም ነገር ታየ። ዕርዳታ ሰጪው «አምቡላንስ ጥሩ!» ብሎ ጮኸ፤ ከበው ከቆሙት ሰዎች አንድም አልደወለም፣ እያንዳንዱ ሌላው የደወለ መስሎታልና። በድጋሚው ላይ ወደ አንዱ በጣቱ እያመለከተ «አንተ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበስኸው፣ 907 ደውልና ና ንገረኝ» አለ፤ ሰውየውም ደወለ። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥሪያ ነው፤ በአዲስ አበባ እሳት ካለ ደግሞ 939 አለ።

ሁለተኛው ቀን የቃጠሎ ነበር፤ ያን ቀን ግን ውኃ የለም። የሰፈሩ ፈረቃ አልነበረም። ዕቅዴ ላይ የጻፍሁት «ቃጠሎውን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ የቧንቧ ውኃ ሥር ያቆያል» የሚል መስመር ነው፤ ቧንቧውን ስከፍት የወጣው ነፋስ ብቻ ነበር። ለዓመታት ይህን መስመር ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሚደርሳቸው ቤተሰቦች ሳስተምር መኖሬን ያን ጊዜ ነው ያሰብሁት፤ አፈርሁም። ወዲያው ከሠልጣኞቹ ጋር ስሌቱን ሠራን። አንድ ጆግ 1 ሊትር ያህል ይይዛል፤ በቀስታ ሲንቆረቆር አንድ ደቂቃ ይፈጃል። 20 ደቂቃ ማለት 20 ሊትር ነው፤ 20 ሊትር ደግሞ በየቤቱ ያለው አንድ ቢጫ ጀሪካን ነው። ከሥር ንጹሕ ሳፋ ከተደረገ የወረደውን ውኃ መልሶ ማፍሰስም ይቻላል፤ ጥቂት ቢሞቅም ከምንም ይሻላል። እርጥብ ፎጣ ጣል አድርጎ መተው ግን ያን ያህል አይረዳም፤ ፎጣው ከቆዳው ሙቀት ወስዶ ራሱ ስለሚሞቅ ቶሎ ቶሎ መቀየር ይኖርበታል።

ለምን 20 ደቂቃ እንደሆነ ለማሳየት ወጥ ቤቶቹን ምስክር አደረግኋቸው። ምጣድ ከእሳት ከወረደ በኋላም እንጀራ ያበስላል፤ የተቃጠለ ሥጋም ምክንያቱ ከተነሣ በኋላ ወደ ውስጥ መብሰሉን ይቀጥላል። በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሕመሙ ጋብ ሲል ሰው ውኃውን ያቆማል፤ ሙቀቱ ግን ገና ከታች አለ። በረዶ ግን አይደረግም፤ ቆዳውን እንደገና ይጎዳዋል። ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት እብጠቱ ሳይመጣ ወዲያው ይወልቃሉ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ ግን አይነቀልም። ውኃ የቋጠረውም አይፈነዳም። ወዲያው ውኃ ያልተገኘለት ሰው ደግሞ ተስፋ አይቁረጥ፤ ቃጠሎው ከደረሰ በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ ማቀዝቀዙ ይጠቅማል።

ትዕይንቱ ሕፃን ልጅ ላይ የተገለበጠ የፈላ ውኃ ነበር። ልጁ አሻንጉሊት ነው፤ ክንዱና ደረቱ ላይ በከንፈር ቀለም ቀይ አድርገናል። እናት ሆና የተጫወተችው ከወጥ ቤት ሠራተኞቹ መካከል በዕድሜ ትልቋ ናት። የጥርስ ሳሙና ይዛ እየሮጠች መጣች፤ ስትጫወትም አልነበረም፣ በእውነት ታምንበታለች። «እኔ ሦስት ልጅ ያሳደግሁት በዚህ ነው፤ ቃጠሎውን ይስብለታል!» እያለች የልጁን ክንድ ልትይዝ ታገለች።

እኔ በዚህ ቦታ ዝም ብሎ መመልከት ይከብደኛል። ታናሽ እኅቴ በሕፃንነቷ የወጥ ድስት ተገልብጦባት እናቴ በጭንቀት እንቁላል ከሊጥ ጋር ቀባቻት፤ ከፍቅር በቀር ሌላ ያነሣሣት ነገር አልነበረም። ሕክምና ቤት ስንደርስ ሊጡ ደርቆ ከቆዳዋ ጋር ተጣብቋል፤ ነርሷ የቃጠሎውን ጥልቀት ለማየት በጨው ውኃ እያራሰች ቀስ በቀስ መላጥ ነበረባት። ከቃጠሎው ይልቅ እኅቴን ያስለቀሳት ያ መላጥ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ።

ዕርዳታ ሰጪው ግን ከሴትዮዋ ጋር አልተከራከረም፤ ያን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። «እትዬ፣ እሱን ይያዙትና መጀመሪያ ይቺን ጆግ ያንቆርቁሩልኝ፤ እኔ ልጁን ልያዝ» ብሎ ጆጉን እጇ ላይ አኖረው። ሁለት እጇ ተያዘ፤ ሳሙናው ኪሷ ገባ። 20ውን ደቂቃ ሙሉ ያፈሰሰችው እሷ ናት። እኔ ሃይማኖት የማስለውጥ ይመስል ስለ ጥርስ ሳሙና ግማሽ ሰዓት የማስረዳበትን ጉዳይ እሱ በአንድ ጆግ ጨረሰው። በቅጹ ላይ «ለቤተሰቡ የሚሠሩትን ሰጣቸው» የሚል መስመር የገባው ከእሱ ተምረን ነው።

በሕፃን ላይ አንድ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ሰፊ ቦታ የተቃጠለ ልጅ 20 ደቂቃ ውኃ ሲፈስበት መላ ሰውነቱ ሊቀዘቅዝ ይችላልና ውኃው የተቃጠለው ቦታ ላይ ብቻ ይውረድ፤ የቀረው አካሉ በደረቅ ጋቢ ይሸፈን። ልጁ መንቀጥቀጥ ወይም መፍዘዝ ከጀመረ ውኃው ይቁም። የቃጠሎው ስፋት በራሱ በተጎጂው መዳፍ ይገመታል፤ ጣቶቹን ጨምሮ አንድ መዳፉ ከሰውነቱ ቆዳ 1 በመቶ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ለምግብ መሸፈኛ የሚሆነው ስስ ላስቲክ በላዩ ይነጠፋል፤ እብጠት ሲመጣ እንዳያንቀው ዙሪያውን አይጠመጠምም። የሕፃን ቃጠሎ፣ የፊት፣ የእጅ መዳፍ፣ የመገጣጠሚያ፣ እንዲሁም የኤሌክትሪክ ቃጠሎ ሁሉ ትንሽ ቢመስልም ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል አለው።

ከሦስት ወር በኋላ ወደ ግቢው ተመልሼ እነዚያኑ ሰዎች በዚያው ቅጽ መዘንኋቸው፤ ሳልነግራቸው ነበር የሄድሁት። ቱርኒኬቱ ተረስቷል፤ አብዛኞቹ ዘንጉን አዙረው መቆለፉን ዘንግተውት ስለነበር ማሰሪያው እንደገና ላላ። መጠቅጠቁም ፈጥኖ ነበር፣ ጥልቀቱ ግን ቀንሷል። 10ሩን ደቂቃ ግን ከሁለት ሰዎች በቀር ሁሉም ጨረሱት፤ አንዱም ጨርቁን ሳያነሣ «ስልባቦቱ ይቀደዳል» አለኝ። ለቱርኒኬቱ በየሦስት ወሩ የ15 ደቂቃ ልምምድ እንዲኖር ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ተስማማን።

ከመውጣቴ በፊት ወጥ ቤቱን ለማየት ጎራ አልሁ። የጥርስ ሳሙናዋ ሴት በእቃ ማጠቢያው ሥር አንድ ቢጫ ጀሪካን አስቀምጣለች፤ በላዩ በጥቁር ቀለም «ለቃጠሎ ብቻ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ጆጉ በእጀታው በገመድ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ውኃውን በየሰኞው እንደምትቀይረውና በአሮጌው ወለል እንደምታጥብበት ነገረችኝ። ከፍ አድርጌ አየሁት፤ ሙሉ ነበር።